ቃላትን ለመቁጠር ዲክሽነሪ ወይስ ሊስት? ጀማሪዎች ከሚገጥሟቸው የፕሮግራም ጥያቄዎች አንዱ

በአሜሪካዋ የአትላንታ ከተማ የሚገኘው የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአጭር ስሙ ጆርጂያ ቴክ፣ ለጀማሪዎች የሚሰጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም ትምህርት CS 1301 በሚል መለያ ይታወቃል። ትምህርቱ የሚሰጠው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በዴቪድ ጆይነር አዘጋጅነት ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት መድረክ በኩል ከግቢው ውጭ ላሉ ሰዎችም ተደራሽ ሆኗል። በመሆኑም በአትላንታ ለሚኖር ኢትዮጵያዊም ሆነ በአዲስ አበባ ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ተማሪ ያው ትምህርት በእኩል ቅርብ ነው።

እንዲህ ባሉ የጀማሪ ትምህርቶች ውስጥ ብዙ መረጃዎችን በአንድ ላይ ስለሚይዙ መዋቅሮች የሚያስተምር ክፍል አለ። በተለመደው ቅደም ተከተል ሊስት ይቀድማል፤ ዲክሽነሪ ይከተላል። ሊስት ማለት ነገሮች አንዱ ከሌላው ቀጥሎ በተራ ቁጥር የሚቀመጡበት ዝርዝር ነው። ዲክሽነሪ ደግሞ እያንዳንዱ ነገር በተራ ቁጥር ሳይሆን በስሙ የሚጠራበት መዝገብ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚፈተኑበት የታወቀ አጭር መልመጃም አለ፤ ይኸውም አንድ አጭር ጽሑፍ ተሰጥቶ በውስጡ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ መቁጠር ነው።

መልመጃው በሁለቱም መንገድ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ለምርጫው የሚሰጠው ምክንያት ዲክሽነሪ ፈጣን መሆኑ ነው። አባባሉ እውነት ቢሆንም ለአጭር መልመጃ ግን እምብዛም አያሳምንም፤ በሃያና በሠላሳ ቃላት ላይ የሚታየው የፍጥነት ልዩነት በሰው ዓይን የሚለይ አይደለምና። ከፍጥነቱ ይልቅ ክብደት ያለው ምክንያት ሌላ ነው። በሊስት የተሠራ ቆጠራ ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ ድምፁን ሳያሰማ ይሳሳታል፤ በዲክሽነሪ የተሠራው ግን በአብዛኛው ሲሳሳት ይጮኻል። ይህን ለማየት ከአንድ ትንሽ ምሳሌ የተሻለ መንገድ የለም።

ለምሳሌ ያህል አሥራ ስድስት ቃላት ያሉት የሚከተለው ጽሑፍ ይወሰድ፤ ለቆጠራ እንዲያመች ሥርዓተ ነጥብ አልገባበትም።

```python
text = ("ገበያ ሄደች ቡና ገዛች ቤት ተመለሰች "
        "ቡና ቆላች ቡና አፈላች ጎረቤት ጠራች "
        "ጎረቤት መጣች ቡና ጠጣች")
```

በእጅ ሲቆጠር «ቡና» አራት ጊዜ፣ «ጎረቤት» ሁለት ጊዜ፣ የቀሩት አሥር ቃላት ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ተጠቅሰዋል። ስለዚህ የተለያዩት ቃላት 12፣ አጠቃላይ ድምሩ ደግሞ 16 ነው። ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት መልሱን እንዲህ በእጅ ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሰጠው ውጤት ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው ከዚህ ጋር ተነጻጽሮ ነውና።

ሊስትን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ሥራውን በሁለት ሊስቶች ይጀምራል። አንደኛው ቃላቱን ይይዛል፤ ሁለተኛው ቁጥሮቹን ይይዛል። በመጀመሪያው ሊስት ሦስተኛ ቦታ ላይ ያለው ቃል ቁጥሩ በሁለተኛው ሊስት ሦስተኛ ቦታ ላይ ይገኛል።

```python
words = []
counts = []
for w in text.split():
    if w in words:
        i = words.index(w)
        counts[i] = counts[i] + 1
    else:
        words.append(w)
        counts.append(1)
```

ፕሮግራሙ `split` በሚለው ትእዛዝ ጽሑፉን በባዶ ቦታዎቹ ላይ ቆራርጦ ቃላቱን አንድ በአንድ ያነሳል። ያነሳው ቃል ከዚህ ቀደም ተመዝግቦ ከሆነ ተራ ቁጥሩን ፈልጎ በዚያው ቦታ ያለውን ቆጠራ በአንድ ይጨምራል። ካልተመዘገበ ግን ቃሉን በአንዱ ሊስት መጨረሻ፣ «1» የሚለውን ቁጥር ደግሞ በሌላው ሊስት መጨረሻ ያስገባል። ሥራው ሲጠናቀቅ ውጤቱ ትክክል ነው። «ቡና» በሦስተኛው ቦታ ይገኛል፤ በቁጥሮቹ ሊስት ሦስተኛ ቦታ ላይም 4 ተጽፏል።

እስከዚህ ድረስ ምንም ጥፋት የለም። ችግሩ የሚመጣው መልመጃው አንድ እርምጃ ሲጨምርና «ውጤቱን ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድረህ አሳይ» ሲል ነው። ቁጥሮቹን መደርደር ስለተፈለገ ተማሪው በተፈጥሮ የሚጽፈው የሚከተለውን መስመር ይሆናል።

```python
counts.sort(reverse=True)
for i in range(len(words)):
    print(words[i], counts[i])
```

ትእዛዙ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ቁጥሮቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሯል። ቃላቱ ግን ከነበሩበት አልተንቀሳቀሱም። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚታየው «ገበያ 4»፣ «ሄደች 2»፣ «ቡና 1» የሚል ነው። ቀይ የስህተት መልእክት የለም፤ ፕሮግራሙም በሰላም ተጠናቋል። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ዝርዝሩን ቢያየው የሚጠረጥርበት ምክንያት አይኖረውም።

ይህን ለመረዳት የእድርን መዝገብ ማሰብ ይበቃል። የእድሩ ጸሐፊ የአባላቱን ስም በአንድ ወረቀት፣ ያዋጡትን ገንዘብ ደግሞ በሌላ ወረቀት ጽፎ፣ ሁለቱን በመስመር ቁጥር ብቻ ቢያገናኝ እንበል። አንድ ቀን አንድ ሰው የገንዘቡን ወረቀት ብቻ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ ቢገለብጠው፣ ብዙ ያዋጣው እንደ ባለዕዳ፣ ምንም ያህል ያላዋጣው ደግሞ እንደ ዋና ከፋይ ይቆጠራል። ከሁሉም የሚያስቸግረው የገንዘቡ ጠቅላላ ድምር አሁንም ልክ መሆኑ ነው።

በቃላት ቆጠራውም የሆነው ይኸው ነው። ብዙ መምህራን ለተማሪ የሚመክሩት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ የቁጥሮቹ ድምር ከጽሑፉ የቃላት ብዛት ጋር እኩል መሆኑን ማረጋገጥ። በተሳሳተው ውጤት ላይ ይህ መፈተኛ ቢሞከር ድምሩ 16 ይመጣል፤ የተለያዩ ቃላት ብዛትም 12 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መፈተኛው ያልያዘው ስህተት የትኛው ቁጥር የየትኛው ቃል እንደሆነ መምታታቱን ነው። ይህን ለመያዝ ሌላ ዓይነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከዝርዝሩ አንድ ቃል መርጦ፣ ለምሳሌ `text.split().count("ቡና")` ብሎ ኮምፒውተሩን በቀጥታ መጠየቅ፣ መልሱንም በዝርዝሩ ላይ ካለው ጋር ማወዳደር ይገባል። መልሱ 4 ሆኖ ዝርዝሩ 1 ካለ ነገሩ ተደርሶበታል።

የስህተቱ ሥር ሊስት መጥፎ መሆኑ አይደለም። ቃሉና ቁጥሩ አንድ ላይ መሆናቸውን የሚያውቀው ተማሪው ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ አያውቅም። ሁለቱ ሊስቶች በፓይተን ዓይን ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው። ዝምድናቸው የተጻፈው በተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ አንዱን ሲነካ ሌላውንም እንዲነካ የሚያስታውሰው የለም።

ዲክሽነሪ ይህን ዝምድና ከተማሪው ጭንቅላት አውጥቶ በፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

```python
counts = {}
for w in text.split():
    if w in counts:
        counts[w] = counts[w] + 1
    else:
        counts[w] = 1
```

እዚህ ተራ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ቃሉ ራሱ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ የሚከፍተው ደግሞ የዚያን ቃል ቆጠራ ብቻ ነው። `counts["ቡና"]` ተብሎ ሲጠየቅ 4 ይመልሳል። በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ከቃላቱ ነጥሎ ባሉበት መደርደር ስለማይቻል ከላይ የታየው ስህተት በዚህ መንገድ በቀላሉ አይፈጸምም። ኮዱንም ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ከጥያቄው ጋር ይመሳሰላል፤ ቃሉ ካለ በቁጥሩ ላይ አንድ ጨምር፣ ከሌለ በአንድ ጀምር ይላል።

ዲክሽነሪም የራሱ የሆነ የጀማሪ ስህተት አለው። ተማሪው `if` የሚለውን ፍተሻ ዘልሎ በቀጥታ `counts[w] = counts[w] + 1` ብሎ ቢጽፍ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ቃል ላይ ይቆምና `KeyError: 'ገበያ'` የሚል መልእክት ያወጣል። ትርጉሙ «ገበያ የሚባል ቁልፍ አላውቅም፣ ያልነበረ ቁጥር ላይ እንዴት ልጨምር?» እንደማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች መልእክቱን ሲያዩ ይደነግጡና ወደሚያውቁት ሊስት ይመለሳሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ስህተት ከሁሉም ያነሰ ጉዳት ያለው ነው። የት እንዳለ፣ በየትኛው ቃል ላይ እንደተፈጠረ ይናገራል፤ የተሳሳተ ውጤት ይዞም ከክፍል አያስወጣም።

በዲክሽነሪ ድምፁን ሳያሰማ የሚያልፍ ስህተት ፈጽሞ የለም ለማለት ግን አይቻልም። ተማሪው ፍተሻውን ረስቶ ለእያንዳንዱ ቃል `counts[w] = 1` ብቻ ቢል ሁሉም ቃል አንድ ይሆናል። ይህን ግን ያ ቀላሉ የድምር መፈተኛ ይይዘዋል፤ በ16 ፈንታ 12 ይመጣልና።

ውጤቱን ደርድሮ ማሳየት ሲያስፈልግ ዲክሽነሪው ጥንዶቹን ሳይለያይ ያቀርባል።

```python
pairs = sorted(counts.items(),
               key=lambda p: p[1], reverse=True)
```

`items` የሚለው ቃልና ቁጥርን እንደ ጥንድ ያወጣል፤ `sorted` ደግሞ ጥንዶቹን በሁለተኛው አባላቸው፣ ማለትም በቁጥሩ ይደረድራቸዋል። አሁን መጀመሪያ የሚወጣው «ቡና» ከነ4ቱ፣ ቀጥሎ «ጎረቤት» ከነ2ቱ ነው። በቁጥር እኩል የሆኑት አሥሩ ቃላት በጽሑፉ ውስጥ በመጡበት ተራ ይከተላሉ፤ ዲክሽነሪ ቁልፎቹን ባስገቡበት ቅደም ተከተል መያዙ ከፓይተን 3.7 ወዲህ የቋንቋው ደንብ ሆኗል። ልብ ለሚል አንባቢ ደግሞ `sorted` የመለሰው ሊስት ነው። ስለዚህ «ዲክሽነሪ ወይስ ሊስት» የሚለው ጥያቄ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ጊዜ ሁለት የተለያየ መልስ ሊኖረው ይችላል። በሚቆጠርበት ጊዜ የሚጠየቀው «ይህ ቃል ስንት ደረሰ?» ስለሆነ በስም የሚጠራ መዝገብ ይሻላል። በሚታይበት ጊዜ የሚጠየቀው «አንደኛ ማን ነው?» ስለሆነ በተራ የሚቀመጥ ዝርዝር ይሻላል።

የፍጥነቱ ነገር ከዚህ በኋላ ቢነሳ ቦታውን ያገኛል። ሊስት ውስጥ አንድ ቃል መኖሩን ለማወቅ ኮምፒውተሩ ከላይ ጀምሮ እያወዳደረ ይወርዳል፤ የስም ዝርዝሩ በፊደል ተራ ያልተጻፈለት የእድር ጸሐፊ አንድን አባል ለማግኘት ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር እንደሚያወርደው ነው። አዲስ ቃል ሲመጣ ደግሞ አዲስ መሆኑ የሚረጋገጠው እስከ ታች ከተወረደ በኋላ ብቻ ነው። በምሳሌው ጽሑፍ ላይ ይህ ሲቆጠር፣ 12ቱ ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ ከ0 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች ተደምረው 66 ማወዳደር ይጠይቃሉ። ተደግመው የመጡት አራቱ ቃላት፣ ማለትም ሦስቱ «ቡና» እያንዳንዳቸው 3፣ አንዱ «ጎረቤት» ደግሞ 9፣ በጠቅላላው 18 ይጨምራሉ። ድምሩ 84 ይሆናል። ከላይ በተጻፈው ኮድ `index` የተደገሙትን ቃላት ዳግመኛ ከመጀመሪያው ስለሚፈልጋቸው ሌላ 18 ይታከልና 102 ይደርሳል።

ለኮምፒውተር 102 ማወዳደር ምንም ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚያድግበት መንገድ አስቸጋሪ ነው። የተለያዩ ቃላቱ 12 ሳይሆኑ 10,000 ቢሆኑ፣ አዲስነታቸውን ለማረጋገጥ ብቻ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ማወዳደር ያስፈልጋል። ድግግሞሾቹ ገና አልተቆጠሩም። አማርኛ ደግሞ በዚህ ረገድ ሊስትን አይምርም። በእንግሊዝኛ ለብቻቸው የሚቆሙ አነስተኛ ቃላት በአማርኛ ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። «ቡና»፣ «የቡና»፣ «በቡና»፣ «ቡናው»፣ «ቡናን» ለሰው አንድ ቤተሰብ ቢሆኑም ለፕሮግራሙ አምስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ርዝመታቸው እኩል ከሆኑ ጽሑፎች መካከል የአማርኛው ብዙ የተለያዩ ቃላትን ያስመዘግባል፤ ሊስቱም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ዲክሽነሪ እንዲህ ዓይነቱን ፍለጋ የሚያስቀርበት ዘዴ ሃሽ ይባላል። ሃሽ ማለት ከአንድ ቃል ፊደላት ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ያው ቃል በአንድ የፕሮግራም ሂደት ውስጥ ምን ጊዜም ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። ዲክሽነሪው በውስጡ ቁጥር የተሰጣቸው ሳጥኖች እንዳሉት መደርደሪያ ነው ሊባል ይችላል። «ቡና» የሚለው ቃል ሲመጣ ሃሹ ይሰላና ከሳጥኖቹ አንዱን ያመለክታል፤ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደዚያ ሄዶ ይከፍታል። ከዚያ በፊት ያሉትን ሳጥኖች አይነካቸውም። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ቃላት አንድ ሳጥን ሊጋሩ ይመጣሉ። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ቃል በእርግጥ የተፈለገው መሆኑ ይመረመራል፤ ካልሆነ በተወሰነ ደንብ ወደ ሌላ ሳጥን ይታለፋል። ይህ እንዳይበዛ መደርደሪያው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሲሞላ ዲክሽነሪው ሰፋ ያለ መደርደሪያ አዘጋጅቶ ቃላቱን ያዛውራል። ውጤቱም መዝገቡ 12 ቃላት ይያዝ 10,000 አንድን ቃል ለማግኘት የሚወስደው ሥራ በአማካይ ያው ጥቂት ርምጃ መሆኑ ነው።

ከዚህ አሠራር የሚመነጭ አንድ ገደብ አለ። ቁልፍ የሚሆነው ነገር ከገባ በኋላ መለወጥ የለበትም፤ ቢለወጥ ሃሹም ይለወጥና ቀድሞ የተቀመጠበት ሳጥን ይጠፋል። ቃል በፓይተን ውስጥ የማይለወጥ ስለሆነ ቁልፍ ይሆናል። ሊስት ግን ስለሚለወጥ አይሆንም። ተማሪው ከአንድ ቃል ይልቅ ሁለት ተከታታይ ቃላትን ለመቁጠር ፈልጎ `["ቡና", "ጠጣች"]` የሚለውን ሊስት ቁልፍ ሊያደርገው ቢሞክር ፓይተን በ`TypeError` ይመልሰዋል። መፍትሔው ካሬውን ቅንፍ በክብ ቅንፍ መተካት ብቻ ነው፤ `("ቡና", "ጠጣች")` የሚለው ቱፕል የማይለወጥ ስለሆነ ተቀባይነት አለው።

እዚህ ላይ ለሊስት ፍትሕ መስጠት ተገቢ ነው። የሚቆጠረው ነገር ራሱ ከዜሮ የሚጀምር አነስተኛ ቁጥር ሲሆን ሊስት ከዲክሽነሪ የቀለለ ይሆናል። ለምሳሌ ጥያቄው «ስንት ቃላት ባለ ሁለት ፊደል፣ ስንቶቹ ባለ ሦስት ፊደል ናቸው?» የሚል ቢሆን፣ የፊደሉ ብዛት ራሱ እንደ ተራ ቁጥር ያገለግላል።

```python
by_length = [0] * 6
for w in text.split():
    by_length[len(w)] += 1
```

የአማርኛ ፊደል ከነአናባቢው እንደ አንድ ምልክት ስለሚቆጠር «ቡና» 2፣ «ጎረቤት» 4፣ «ተመለሰች» 5 ርዝመት አላቸው። ውጤቱ `[0, 0, 5, 7, 3, 1]` ነው፤ አምስት ባለ ሁለት ፊደል፣ ሰባት ባለ ሦስት፣ ሦስት ባለ አራት፣ አንድ ባለ አምስት። ፍለጋ የለም፤ ሁለተኛ ሊስትም አያስፈልግም። ገደቡ ግን ከወዲሁ ይታያል፤ ስድስት ፊደል ያለው ቃል ቢመጣ ሊስቱ ቦታ ስለሌለው በ`IndexError` ይቆማል። ይህም ቢሆን የሚጮኽ ስህተት ነው።

በእርግጥ ፓይተን ቆጠራውን በሙሉ የሚሠራ `Counter` የተባለ ዝግጁ መሣሪያ አለው። `collections` ከተባለው ክፍል ይመጣል፤ በውስጡም ዲክሽነሪ ነው፤ ያልተመዘገበ ቃል ሲጠየቅ በመጮህ ፈንታ 0 ይመልሳል። በመልመጃ ላይ ብዙ ጊዜ የማይፈቀደው የሚፈለገው ተማሪው ውስጡን እንዲያውቅ ስለሆነ ነው።

ሁለቱም መዋቅሮች የማይፈቱት አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ከእንግሊዝኛ የተወሰደውን መልመጃ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠው ነው። ምሳሌው ጽሑፍ ነጥብ ቢኖረውና «ጎረቤት» አንድ ጊዜ በአራት ነጥብ ተከትሎ ቢመጣ፣ «ጎረቤት» እና «ጎረቤት።» ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ሆነው እያንዳንዳቸው 1 ይጻፍላቸዋል። የመማሪያ መጻሕፍት ነጥቦችን ለማስወገድ የሚመክሩት `string.punctuation` የእንግሊዝኛውን የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ምልክቶች ብቻ ስለሚይዝ የአማርኛውን አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ አያውቃቸውም። ከዚህም የባሰው ሁለት ነጥብ ነው። በቀድሞው ልማድ ቃላት በባዶ ቦታ ሳይሆን በሁለት ነጥብ ተለይተው የተጻፉ ከሆነ `split` ምልክቱን እንደ ባዶ ቦታ ስለማይቆጥረው መላው ዓረፍተ ነገር አንድ ረጅም ቃል ሆኖ ይመዘገባል። ብዙ ሰዎች ደግሞ አራት ነጥብን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመጻፍ ይተኩታል። ስለዚህ ከቆጠራው በፊት የሚከተለው ማጽጃ ያስፈልጋል።

```python
for m in "፡።፣፤፥፦፧?!":
    text = text.replace(m, " ")
```

ምልክቶቹ በባዶ ቦታ የሚተኩት ሆን ተብሎ ነው። በምንም ቢተኩ ኖሮ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለዩ ሁለት ቃላት ይጣበቁ ነበር። ትርፍ ባዶ ቦታ ቢፈጠርም `split` ችግር የለበትም፤ ተከታታይ ባዶ ቦታዎችን እንደ አንድ ያያቸዋል።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለሃሽ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ለየብቻ ይቆጠራሉ። ሐን እና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን እና ዓን በአ፣ ፀን በጸ፣ ከነዘሮቻቸው መተካት ቆጠራውን ያሰባስበዋል። ሆኖም መተካቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ «ሠረቀ»፣ ማለትም ወጣ፣ እና «ሰረቀ»፣ ማለትም ሌባ ሆነ፣ አንድ ቁልፍ ይሆናሉ። ይህንን የሚወስነው ዲክሽነሪው ወይም ሊስቱ ሳይሆን ቆጣሪው ነው፤ ውሳኔውንም ከመቁጠሩ በፊት መውሰድ ይኖርበታል። ተማሪው ፊደላቱን ሳይተካ በመጀመሪያ ከቆጠረ፣ ከዚያም ተክቶ ዳግመኛ ከቆጠረና የተለያዩ ቃላቱ ብዛት ከቀነሰ፣ የቀነሱት ቃላት እነማን እንደሆኑ ሁለቱን ዲክሽነሪዎች አወዳድሮ በስም ሊያወጣቸው ይችላል።